ከጥያቄው በፊት ያለው አንድ ደቂቃ፣ ከጥያቄው በኋላ ያለው ደብዳቤ

ሰውየው ንግግሩን ያዘጋጀው ስልኩ ማስታወሻ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። ጮክ ብሎ ሲያነበው ሰባት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የተዋወቁበት ቀን አለበት፣ የእናቱ ምርቃት አለበት፣ ለፈጣሪ ምስጋና አለበት፣ «የሕይወቴ ብርሃን» የሚለው ሐረግ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ለቅዳሜ ምሽት የአንድ ሬስቶራንት ሰገነት ተከራይቷል። አበባው፣ ሻማው፣ ቪዲዮ አንሺው ተዘጋጅቷል። ጓደኞቿ ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቀው ይጠብቃሉ። እሷ የምታውቀው ግን የአንድ ጓደኛዋ ልደት መሆኑን ብቻ ነው።

ሰዓቱ ደረሰ። ሙዚቃው እንደጮኸ ነው፣ ቀንስ ብሎ የነገረው ሰው የለም። ሰውየው ሁለት ዓረፍተ ነገር ከተናገረ በኋላ ሦስተኛው ጠፋበት። ስልኩን አወጣ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ስክሪኑ ተቆለፈ። «ያው ታውቂያለሽ» አለና ተንበረከከ። «ታገቢኛለሽ?» ከማለቱ ጓደኞቿ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥተው እልልታውን አቀለጡት። «እሺ በይ! እሺ በይ!» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ራሷን ነቀነቀች። ቪዲዮ አንሺው ቀለበቱ ሲጠለቅ ብርሃን ስላልነበረ አንዴ ድገሙት አለ። ደገሙት።

ቤቷ በር ላይ ሲያደርሳት ፖስታ ሰጣት። ውስጡ አራት ገጽ ደብዳቤ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ አዳማ የሚኖር የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ እንዳለው፣ በየወሩ ብር እንደሚልክለት፣ «ፊት ለፊት ልነግርሽ አቅም ስላጣሁ» በጽሑፍ እንዳደረገው ይናገራል። በሚቀጥለው እሑድ ሊላኩ የነበሩት ሽማግሌዎች ቀሩ።

ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች ሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንዱ «ልጅ መኖሩ ምን ነውር አለው፣ እሷ ናት ያበዛችው» ይላል። ሌላው «አታላይ ነው» ይላል። ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስቱታል። ሰውየው ውሸታም አልነበረም፤ እንዲያውም ነገሩን በእጁ ጽፎ በእጁ ሰጥቷል። ጥፋቱ የቦታ ነው። ከጥያቄው በፊት መነገር የነበረበትን ከጥያቄው በኋላ አስቀመጠው። ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆነውን ሠላሳ ሰው ፊት ሊያነበው ሞከረ። በመሃል ያለውን አንድ ደቂቃ ደግሞ ባዶ ተወው።

በቀደመው ልማድ ይህ ችግር በዚህ መልኩ አይነሳም ነበር፤ ምክንያቱም ጥያቄው የሚቀርበው ለልጅቷ ሳይሆን ለወላጆቿ ነው። ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ወላጅ ልጁን «ይድራል»፣ ልጅ «ይዳራል»፤ አድራጊው ወላጅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም መተጫጨትን የገለጸው በሁለት ቤተሰቦች መካከል እንደሚደረግ ውል ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ስለ መተጫጨት የነበሩትን ድንጋጌዎች ትቷቸዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል። ጥያቄው ከአባት ወደ ልጅቷ ተሸጋገረ ማለት ነው። ጥሩ ሆነ።

ነገር ግን የሽማግሌው ሥርዓት አንድ ያልተወረሰ ጥበብ ነበረው። ሽማግሌዎች በር ላይ ደርሰው ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። ማን እንደሚናገር አስቀድሞ ተወስኗል። ንግግሩ አጭር ነው፤ ማን እንደላካቸውና ለምን እንደመጡ ብቻ። ከዚያ የልጅቷ ቤተሰብ በልቡ ወስኖ እንኳ ቢሆን ወዲያው «እሺ» አይልም። «መክረን እንነግራችኋለን» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ቀጠሮው ለክብር የሚደረግ ይመስላል፣ ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ዘር ይቆጠርበታል፣ ጠባይ ይጠየቅበታል፣ የተደበቀ ነገር ካለ ይወጣበታል። ልጅቷ አለመጠየቋ የሥርዓቱ ጉድለት ነበር። ጊዜ መስጠቱ ግን ጉድለት አልነበረም።

ዛሬ በየሬስቶራንቱ የሚታየው የቀለበት ምሽት ልጅቷን ይጠይቃል፣ ጊዜዋን ግን ይወስድባታል። ሠላሳ ሰው ከብቦ፣ ካሜራ ተደግኖ፣ አንድ ሰው ተንበርክኮ እያለ «እስቲ ላስብበት» የምትል ሴት ብርቱ ናት። «እሺ» የሚለው ቃል ራሱ ለጥያቄም፣ ለልመናም፣ ለትእዛዝም የሚሰጥ መልስ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ የዚያ ምሽት ንግግር ሲዘጋጅ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቃሉ ያምራል ወይ የሚለው አይደለም። ይህ ንግግር «አይ» ወይም «ቆይ» ለማለት ቦታ ይተዋል ወይ የሚለው ነው።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ንግግሩም ደብዳቤውም አይደለም። ሰውየው ሊናገር ያሰበውን ሁሉ ወረቀት ላይ ካሰፈረ በኋላ እያንዳንዱን ነገር በአንድ ጥያቄ ማለፍ አለበት፤ ይህን ብታውቅ መልሷ ሊለወጥ ይችላል? ሊለወጥ የሚችል ከሆነ ያ ነገር ለንግግሩም ለደብዳቤውም አይሆንም። ከቀለበቱ ምሽት ሳምንታት በፊት፣ ቀን በቀን፣ ቡና ላይ ተቀምጦ የሚነገር ነው። ልጅ፣ የቀድሞ ጋብቻ፣ የእቁብና የባንክ ዕዳ፣ ሕመም፣ ሊሞላ የታሰበ የዲቪ ፎርም፣ «እናቴ አብራን ትኖራለች» የሚል ያልተነገረ ውሳኔ፤ ሁሉም እዚህ ይወድቃሉ። የቤተሰብ ሕጉ እንኳ የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ በሽታን በተመለከተ የሚፈጠር ስህተትን መሠረታዊ ስህተት ብሎ ይቆጥረዋል፤ በእንዲህ ዓይነት ስህተት የተሰጠ ፈቃድ እንደ ነፃ ፈቃድ አይታይም። ሕጉ ሁሉንም አልዘረዘረም። መዘርዘርም አይጠበቅበትም፤ የሰው ሕሊና የቀረውን ያውቀዋል።

«ሁሉን አስቀድማ ካወቀች ታዲያ ሰርፕራይዙ ምኑ ላይ ነው?» የሚል ይኖራል። ሰርፕራይዙ ቀኑ ላይ፣ ቦታው ላይ ይሁን። እሷ ስለምታገባው ሰው ማንነት መሆን የለበትም።

ይህ ከተነገረ በኋላ ለምሽቱ የሚቀረው ንግግር ጥቂት ነው። ጥቂት መሆኑም ይጠቅማል። ከላይ የተነገረው ሰውየ ሰባት ደቂቃ ንግግሩ የከሸፈው ፈሪ ስለሆነ አይደለም። በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ረጅም ነገር አያስታውስም፤ የደነገጠች ሴትም ረጅም ነገር አትሰማም። አንድ ደቂቃ ይበቃል። በዚያ ውስጥ የሚያስፈልገው ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት አንድ ትዝታ፣ ለምን አሁን እንደሆነ፣ እና ጥያቄው ነው።

ሰውየው ሰባት ደቂቃውን ሲጽፍ አራተኛው አንቀጽ መሃል ላይ የቀበረው አንድ ነገር ነበር። አባቷ ሆስፒታል ተኝተው በነበሩ ጊዜ ያየው ነገር። «የሕይወቴ ብርሃን» ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ይህ በግማሽ መስመር ታልፏል። ንግግሩ መሆን የነበረበት ግን እሱ ብቻ ነበር፤ ለምሳሌ እንዲህ፦

«አባትሽ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ ታድሪ ነበር። አንድ ሌሊት ስመጣ ጋቢሽን አጠገብሽ ለተቀመጠች ለማታውቂያት ሴት አልብሰሽ አንቺ በብርድ ተኮራምተሽ አገኘሁሽ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዤ እዞራለሁ። ዛሬ ባትመልሺልኝም አይከፋኝም። እንጋባ?»

እዚህ ውስጥ ብርሃን የለም፣ ጨረቃ የለም፣ መልአክ የለም። ጋቢ አለ። ማንኛዋም ሴት «ይህ ለሌላ ሴትም ሊባል ይችላል» የማትለው ንግግር እንዲህ ያለው ነው። ንግግሩ የራሱ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ቀላል መፈተኛ አለው፤ የሌላ ሴት ስም አስገብቶ ያንብበው። ካልተበላሸ ንግግሩ የእሱ አይደለም።

«ዛሬ ባትመልሺልኝም አይከፋኝም» የሚለው ቦታም ዝም ብሎ አልተመረጠም። ከጥያቄው በፊት ነው ያለው። ከጥያቄው በኋላ ቢመጣ፣ እሷ ዝም ስትል የተደናገጠ ሰው ማፈግፈጊያ ይመስላል። ከፊት ሲቀድም ግን የተከፈተ በር ነው። ከጥያቄው በኋላ ደግሞ ምንም አይነገርም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታው ከብዷቸው ቀልድ ይጨምራሉ፣ ወይም ያንኑ ጥያቄ ይደግሙታል። ዝምታው የእሷ ነው፣ ሊነኩት አይገባም።

«ታገቢኛለሽ?» ወይስ «እንጋባ?» የሚለው ምርጫ ቀላል ይመስላል። «ታገቢኛለሽ?» ከፊልም ጋር የለመደ ጆሮን ያስደስታል፣ ስህተትም የለበትም። ሴት ጠያቂ ሆና «ታገባኛለህ?» ብትልም አማርኛው አይከለክላትም፤ ፈገግ የሚለው ሰፈሩ ነው። «እንጋባ?» ግን ሁለቱንም እኩል አድራጊ ያደርጋል፤ ጠያቂና ተጠያቂ ሳይሆን አንድ ሥራ አብረው ሊጀምሩ የሚመካከሩ ሁለት ሰዎች ይመስላሉ። ጥንዶቹ በየቀኑ በሚነጋገሩበት አነጋገር የሚቀርበው የቱ እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። በየቀኑ የማይጠቀምበትን ቃል በዚያ ምሽት የሚያወጣ ሰው ሌላ ሰው የሚናገርለት ይመስላል።

ልምምዱ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ ሰው በሌለበት ነው። አልጋ ላይ ተጋድሞ በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም። ሦስት አራት ጊዜ ሲነበብ ትንፋሽ ሁሌ የሚያጥርበት ወይም ምላስ የሚያደናቅፍበት ቃል ይታወቃል፤ ያ ቃል ይቀየራል። በቃል መያዝ ያለባቸው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርና ጥያቄው ብቻ ናቸው። መሃሉ ቢዛባ ማንም አያውቅም። የሚፈራ ሰው ትንሽ ወረቀት ቢይዝ አያሳፍርም፤ ስልክ ግን አይያዝ፣ ለምን እንደሆነ ከላይ ታይቷል። ንግግሩ ቆሞ ይነገራል። መንበርከክ ካለ ለጥያቄው ብቻ ይሁን፤ ገና ከመነሻው የተንበረከከ ሰው «ኧረ ተነስ፣ ተነስ» በሚል ልመና ይቋረጣል። ሙዚቃው ደግሞ ከመጀመሪያው ቃል በፊት ይጠፋል፣ ይህን የሚያደርገውም አስቀድሞ የተነገረው አንድ ሰው ነው። ለተደበቁት ጓደኞች የሚሰጠው ትእዛዝ ከሁሉ ይበልጣል፤ መልሷ ሳይሰማ እልልታ የለም።

መልሱ ከልብ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ምልክት ግን አለ። ከመመለሷ በፊት የምታየው እሱን ከሆነ አንድ ነገር ነው። ዓይኗ ወደ ጓደኞቿና ወደ ካሜራው ከዞረ፣ ቀድማ ያሰበችው «ሰው ምን ይላል» የሚለውን ሊሆን ይችላል። ይህን ያየ ሰው በማግስቱ እንደገና፣ ብቻቸውን ሆነው መጠየቅ አለበት። ወይም ደብዳቤው ይጠይቅለታል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ደብዳቤው ከንግግሩ የተረፈ ግጥም ማጠራቀሚያ አይደለም። የራሱ ሥራ አለው፤ የሽማግሌው ቀጠሮ ይሠራው የነበረውን ሥራ። በሬስቶራንቱ የተወሰደባትን ጊዜ መልሶ ይሰጣታል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ሊቀር የማይገባው ዓረፍተ ነገር ይህን የሚመስል ነው፦ «ዛሬ ማታ ሰው ፊት የሰጠሽኝን መልስ ሽማግሌ እስክልክ ድረስ መለወጥ ትችያለሽ። ከለወጥሽው ለሁለታችንም ቤተሰብ የምነግረው እኔ ነኝ። ምክንያቱንም እንደኔ አድርጌ ነው የምነግራቸው።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ክብደት አላት። አንዲት ሴት «እሺ» ካለች በኋላ ሐሳቧን እንዳትለውጥ የሚያስራት ብዙ ጊዜ ፍቅሩ ሳይሆን ማፈሩ ነው፤ እናቴ ምን ትላለች፣ ቪዲዮው ተለቋል፣ ቀለበቱን ቢሮ አይተውታል። ያንን እፍረት ጠያቂው ራሱ ሊሸከመው ቃል ሲገባ ነው ፈቃዷ በእርግጥ ነፃ የሚሆነው።

የቀረው ገጽ ሰው ፊት የማይነገረው ነገር ነው። የሚፈራውን ይጽፋል፤ ለምሳሌ አባቱ ሲቆጣ ለሳምንት ያኮርፍ እንደነበርና እሱም እንዲያ እንዳይሆን እንደሚሰጋ። ይህን ቀድማ በጠባዩ አይታዋለች፣ መልሷን የሚለውጥ አዲስ ወሬ አይደለም፤ እሱ ራሱ እንደሚያውቀው ማወቋ ነው አዲሱ ነገር። አንድ ቃል ኪዳንም ይገባል፣ ትንሽና የሚታይ። «ለዘላለም አስደስትሻለሁ» የሚለውን ማንም ሊቆጣጠረው አይችልም። «ተኮራርፈን ከሁለት ሌሊት በላይ አናድርም፣ ቀድሜ የማናግርሽ እኔ ነኝ» የሚለውን ግን እሷም በሦስተኛው ቀን ትቆጥረዋለች።

ርዝመቱ ከሁለት ገጽ አይለፍ፣ በእጅ ይጻፍ፣ ቀን ይኑረው። ከተጻፈ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደርና እንደገና ይነበብ፤ ሌሊት የተጻፈ ነገር ጠዋት ላይ ሌላ ይመስላል። በቴሌግራም የሚላክ ደብዳቤ ስክሪንሾት ለመሆን አንድ ጣት ነው የሚቀረው፣ ወረቀት ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። የሦስተኛ ሰው ምሥጢር፣ የወንድሙ ሱስ፣ የእህቷ ፍቺ፣ አይገባበትም። ሬስቶራንቱ ውስጥም አይሰጥም፤ ከተሰጠ «አንብቢው! አንብቢው!» የሚል ጩኸት ይከተላል። ቤቷ በር ላይ፣ «ብቻሽን ስትሆኚ» ተብሎ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ «አነበብሽው?» ብሎ በዚያው ሌሊት መደወል የለም።

አንድ ትንሽ ማስጠንቀቂያ ለውጭ አገር ጥንዶች። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ለንደን ያደገች ልጅ አማርኛ አቀላጥፋ ተናግራ ፊደል ግን ላታነብ ትችላለች። በሚያምር አማርኛ የተጻፈላት ሰው ደብዳቤውን የሚያነብላት እናቷ እንደሆኑ አስቦት አያውቅም። የእሷ ብቻ እንዲሆን ከተፈለገ በምታነበው ቋንቋ ይጻፍ። ቋንቋው ስብርብር ቢልም ምሥጢሩ ይጠበቃል።

ደብዳቤን ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። ወንድ ከሆነ በአፉ ይናገር ይላሉ። በሰውየው ታሪክ ላይ እውነት አላቸው፤ ደብዳቤው የልጁን ነገር ላለመናገር መሸሸጊያ ሆኖለታል። ነገር ግን መሸሸጊያ ያደረገው ወረቀት መሆኑ አይደለም፤ የያዘው ነገር ነው።

ሁለቱ ጥንዶች ለሰባት ሳምንት አልተገናኙም። ቀለበቱ እሷ ጋር ቆየ፣ አላጠለቀችውም። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ካሜራ የለም፣ አበባ የለም። መኪና ውስጥ ተቀምጠው የልጁን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት፤ እናቱ ማን እንደሆነች፣ በወር ስንት እንደሚልክ፣ ልጁ እሱን ምን ብሎ እንደሚጠራው። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ፣ አልተዘጋጀበትም ነበር። ሲጨርስ ጥያቄውን አልደገመም። እሷ ናት የጠየቀችው።

«ቅዳሜ አዳማ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«እኔም እመጣለሁ። መጀመሪያ ልጁን ልየው።»